ትንንሾቹ ቃላትና የንግድ መልእክታችን

ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ይልቅ የሚያስቸግሩን ረዣዥሞቹ አይደሉም። ረዣዥሞቹን መዝገበ ቃላት ከፍተን እናገኛቸዋለን፤ ካገኘናቸውም በኋላ አንረሳቸውም። የሚያስቸግሩን «ኤ»፣ «አን»፣ «ዘ»፣ «ኢን»፣ «ባይ»፣ «ቱ» የተባሉት አጫጭሮቹ ናቸው። እነዚህን ማንም ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት ያውቃቸዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የያዘው ሰው ግን በየቀኑ በሚልከው ኢሜይል ውስጥ ዛሬም ይሳሳትባቸዋል። እኛም ትምህርታችንን ከፈጸምን ገና ሁለት ዓመት የሆነን ስለሆነ፣ ራሳችንን ከተሳሳቾቹ ቍጥር አናወጣም።

ይህን ጉዳይ ለማንሣት ያነሣሣን ባለፈው ፋሲካ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አጅባር በሄድን ጊዜ ያየነው ነገር ነው። አጅባር የሳይንት ወረዳ ከተማ እንደ ሆነች፣ ጎረቤትዋም መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማና የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለባት መሆንዋን አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በዚያ በደጋው አንድ አጎታችን ከገበሬዎች ማር እየሰበሰቡ ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። በአዲስ አበባ ያለው ገዢ ድርጅት የግዢ ሹም የውጭ አገር ሰው ስለሆነ፣ የጽሑፉ ሥራ ሁሉ የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው። አጎታችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የፈጸሙ፣ እንግሊዝኛም በደንብ የሚያነቡ ሰው ናቸው። በዓሉ አልፎ ቡና ስንጠጣ ስልካቸውን አውጥተው ሰጡንና፣ «እስቲ ልጄ ይህን እየው፤ እኔ የጻፍኩት ሌላ፣ ሰውየው የገባው ሌላ፤ ከሁለታችን ጥፋተኛው ማን ነው?» አሉን።

ለገዢው የጻፉት መልእክት እንደሚከተለው ነበር። እንግሊዝኛውን በፊደላችን እንጽፈዋለን፤ ይህን ያደረግንበት ምክንያት ወደ ኋላ ይታያል።

«ዲር ሰር፣ ዊ ሃቭ ፊው ኩንታልስ ኦፍ ሃኒ ኢን ስቶር። ዊ ሪዲውስድ ፕራይስ ቱ 10 ፐርሰንት። ፕሊዝ ሴንድ አስ ዘ ኮንትራክት አንቲል ማርች 20። አፍተር ሳይኒንግ ዊ ዊል ዴሊቨር ኢን ቱ ዊክስ። ዊ ዲስከስድ አባውት ትራንስፖርት ዊዝ አን ዩኒየን። ዊ አር ዌይቲንግ ዩር ሪፕላይ።»

አጎታችን በአማርኛ ያሰቡት ይህ ነው፦ «በመጋዘን ጥቂት ኩንታል ማር አለን። ዋጋውን በ10 ከመቶ ቀንሰናል። እስከ ማርች 20 ውል ላኩልን። ከተፈራረምን በኋላ በሁለት ሳምንት እናስረክባለን። ስለ ማጓጓዣው ከአንድ ዩኒየን ጋር ተነጋግረናል። ምላሻችሁን እንጠብቃለን።» በዚህ አማርኛ ውስጥ አንድም ስሕተት የለም። ማናቸውም ነጋዴ አንብቦ ምን ማድረግ እንዳለበት ይረዳል። በእንግሊዝኛው ውስጥ ግን ከስምንት የማያንሱ ግድፈቶች አሉ፤ ሁሉም የተፈጸሙት ባጫጭሮቹ ቃላት ላይ ነው።

አሁን ከነዚህ መካከል የትኞቹ ጎጂ፣ የትኞቹ ምንም የማይሉ እንደ ሆኑ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የእኛ አሳብ ይህ ነው፤ በትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህራኖቻችን ስሕተትን ሁሉ በአንድ ቀይ ብዕር፣ በአንድ ዓይነት ነጥብ ሲያርሙ ኖረዋል። በንግድ ሥራ ላይ ግን ስሕተት ሁሉ እኩል አይደለም። አንዱ አንባቢውን ፈገግ ያሰኘዋል፤ ሌላው ገንዘብና ቀን ይበላል። ማንም ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ሊያርም ስለማይችል፣ መጀመሪያ መታረም ያለባቸው ገንዘብና ቀን የሚበሉት ናቸው።

ከዋጋው እንጀምር። አማርኛችን «በ10 ከመቶ ቀነስን» ሲል ያችው «በ» የቅናሹን ልክ ትናገራለች። «ወደ» ብንል ኖሮ ቅናሹ የደረሰበትን መድረሻ እንናገር ነበር። እንግሊዝኛም እንዲሁ ሁለት ቃል አለው፤ ለልኩ «ባይ»፣ ለመድረሻው «ቱ» ይላል። አጎታችን ይህን ልዩነት በአማርኛ ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ «ባይ» የሚለውን ቃል የሚያውቁት «በመኪና»፣ «በእጅ»፣ «በእከሌ የተጻፈ» በሚለው ትርጉም ብቻ ስለሆነ፣ ከቍጥር ፊት ሲደርሱ እጃቸው ወደ «ቱ» ሄደ። ውጤቱን በሒሳብ እንየው። የማሩ ዋጋ በኪሎ 500 ብር ነበር። በ10 ከመቶ ሲቀነስ 450 ብር ይሆናል። «ቱ 10 ፐርሰንት» ማለት ግን ዋጋው ከቀድሞው አንድ ዐሥረኛ ብቻ ቀረ፣ ማለት 50 ብር ሆነ ማለት ነው። በመጋዘን የነበረው ማር 7 ኩንታል ወይም 700 ኪሎ ስለ ነበረ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት 280,000 ብር ይሆናል። በእርግጥ ገዢው ማር በ50 ብር ይሸጥልኛል ብሎ አላመነም፤ ነገር ግን ነገሩን ስለ ተጠራጠረ በጽሑፍ ማብራሪያ ጠየቀ፤ ሳምንትም አለፈ።

ለዚህ ስሕተት መድኀኒቱ ቀላል ነው። ዋጋ ሲነሣ ልኩን ብቻ አትጻፉ፤ መነሻውንና መድረሻውንም አብራችሁ ጻፉ። «ባይ 10 ፐርሰንት፣ ፍሮም 500 ቱ 450 ብር» ከተባለ፣ አንዱ ቃል ቢሳሳት እንኳ ቍጥሮቹ ይመሰክራሉ። «በ» ልክ ስትሆን «ባይ»፣ «ከ» «ፍሮም»፣ «ወደ» «ቱ» መሆናቸውም በዚህ በአንዱ ዐረፍተ ነገር ሊያዝ ይችላል።

ሁለተኛው የቀን ነገር ነው። አማርኛችን «እስከ» በሚል በአንድ ቃል ሁለት የተለያዩ አሳቦችን ይሸከማል። «እስከ ዓርብ ሱቁ ክፍት ነው» ስንል ነገሩ ሳያቋርጥ እየቀጠለ ዓርብ ላይ ያበቃል ማለታችን ነው። «እስከ ዓርብ ውሉን ላኩ» ስንል ግን ነገሩ የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ፣ ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው ማለታችን ነው። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «አንቲል» ይላል፤ ለሁለተኛው «ባይ» ይላል። ስለዚህ «ፕሊዝ ሴንድ አስ ዘ ኮንትራክት አንቲል ማርች 20» የሚለውን እንግሊዛዊ ሲያነበው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ውሉን እየደጋገማችሁ ስትልኩ ቆዩ እንደ ተባለ ይሰማዋል። ይህ ብቻ ቢሆን ሣቅ ሆኖ ያልፍ ነበር። አደጋው የሚመጣው ዐረፍተ ነገሩ በሁለቱም ወገን ትርጉም የሚሰጥ ሲሆን ነው። «ይህን ዋጋ እስከ ዓርብ እናጸናለን» ለማለት «ባይ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ገዢው ዋጋው ገና ያልጸና፣ ዓርብ የሚጸና ይመስለዋል። እንዲሁም «እስከ ዓርብ ማሩን አንሡ» በሚለው ፈንታ «እስከ ዓርብ ማሩን ጠብቁ» የሚል መልእክት ሊደርስ ይችላል።

መለያው ዘዴ እንዲህ ነው። በአማርኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከ«እስከ» በኋላ «ድረስ» የሚለውን ጨምሩና ግሱን «እየ» በሚል አስቀጥሉት። «እስከ ዓርብ ድረስ እየጠበቅን እንቆያለን» ያለ ችግር ይነገራል፤ ስለዚህ «አንቲል» ነው። «እስከ ዓርብ ድረስ ውሉን እየላካችሁ ቆዩ» ግን ማለት የፈለግነው አይደለም፤ ስለዚህ «ባይ» ነው። ጥርጥር ለሚያድርበት ሰው «ኦን ኦር ቢፎር» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ይህ በዚያው ቀን ወይም ከዚያ በፊት ማለት ስለሆነ፣ ቀኑ ራሱ ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም የሚለውንም ክርክር ያስቀራል። ከዚህም ጋር ማርች 20 በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 11 መሆኑን በራሳችን መዝገብ አጠገቡ መጻፍ ይገባል፤ ቃሉ ተስተካክሎ ቀኑ ቢሳሳት ምን ይጠቅማል? «አት 3 ኦክሎክ» ብሎ የጻፈ ሰውም እንዲሁ ነው። «አት» ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠዋት 3 ሰዓት ለማለት ከሆነ ፈረንጁ የሚጠብቀው 9 ተብሎ እንዲጻፍለት ነው።

ሦስተኛው አጎታችንን በእውነት ያከሰራቸው ነው። «በሁለት ሳምንት እናስረክባለን» ብለው ያሰቡት፣ ከተፈራረሙበት ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በማናቸውም ቀን ማለታቸው ነበር። «ኢን ቱ ዊክስ» ግን፣ ግሱ ወደ ፊት የሚሆነውን የሚናገር በሆነ ጊዜ፣ ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ማለት ነው። ገዢውም ይህንኑ ተረድቶ፣ ውሉ ከተፈረመ በዐሥራ አራተኛው ቀን መጋዘኑን ባዶ አድርጎ ሊጠብቅ ተዘጋጀ። አጎታችን ደግሞ ቶሎ ማድረስ ምስጋና ያስገኝልኛል ብለው ማራቸውን በአይሱዙ ጭነው በአምስተኛው ቀን አዲስ አበባ ገቡ። መጋዘኑ በሌላ ዕቃ ሞልቶ ነበር። ማሩን ወደ አጅባር መመለስ የማይታሰብ ስለሆነ፣ ለዘጠኝ ቀን መጋዘን ተከራይተው አስቀመጡት፤ ኪራዩንም የከፈሉ እሳቸው ናቸው። ገዢው የተጻፈውን ስለ ፈጸመ የሚወቀስበት ነገር አልነበረም።

ለማለት የፈለጉት «ዊዚን ቱ ዊክስ» ነበር። ይህን መያዝ የሚቻለው «ውስጥ» የሚለውን ቃል በመጠየቅ ነው። በአማርኛችን «በሁለት ሳምንት» ስንል ብዙ ጊዜ «ውስጥ» የሚለውን ቃል ዝም ብለን እናስቀረዋለን፤ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ከመጻፋችን በፊት «በሁለት ሳምንት ውስጥ» ብለን እንሞክረው፤ አሳባችን ያ ከሆነ «ዊዚን» እንጻፍ። አሳባችን «ከሁለት ሳምንት በኋላ» ከሆነ «ኢን» ይበቃል። ስላለፈ ሥራ ስንናገር ግን፣ ማለት «ሥራውን በሁለት ሳምንት ጨረስን» ስንል፣ «ኢን» የወሰደብንን ጊዜ ይናገራል እንጂ ስሕተት አይሆንም። ስለዚህ ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ወደ ፊት በሚሆነው ነገር ላይ ነው።

እንግዲህ ከዚህ እንደምናየው የነገሩ ሥር አለማወቅ አይደለም። «በ» እና «እስከ» በአማርኛ ብዙ አሳብ ይሸከማሉ፤ የቀረውን ግሱና የነገሩ አገባብ ይሞላዋል። እንግሊዝኛ ደግሞ ያንን ጭነት ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። አንድ አህያ የተሸከመውን ለአምስት አህያ ስታከፋፍል የትኛው የቱን መውሰድ እንዳለበት ካልወሰንህ፣ ከመንገድ የሚቀር ጭነት አለ። ለዚህ ነው ቃል ለቃል መተርጐም ሁልጊዜ በነዚህ ቃላት ላይ የሚሰናከለው።

አሁን ወደ «ኤ»ና ወደ «ዘ» እንለፍ። ብዙ ሰዎች «አማርኛ ይህ የለውም፤ ስለዚህ አንችለውም» ይላሉ። ይህ አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ለ«ኤ» አቻ የሚሆን የግድ የሚነገር ቃል በአማርኛ የለም፤ «አንድ» የምንለው ስንፈልግ ብቻ ነው። ለ«ዘ» ግን አለን። በቃሉ መጀመሪያ ስለማይቆም፣ በመጨረሻው ስለሚንጠለጠል ብቻ አናስተውለውም። «ውል» ብለን «ውሉ»፣ «ናሙና» ብለን «ናሙናው»፣ «ላም» ብለን «ላሟ» ስንል የምንጨምረው ቅጥያ የእንግሊዝኛውን «ዘ» ሥራ ይሠራል። ተደራጊም ሲሆን «ን» ይከተለዋል፤ «ውል ላኩልን» እና «ውሉን ላኩልን» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የአጅባር እረኛም አይስተውም። በመጀመሪያው ውሉ ገና አይታወቅም፤ በሁለተኛው ተናጋሪውም ሰሚውም አስቀድመው ያወቁት ውል ነው።

ስለዚህ መድኀኒቱ በእጃችን ነው። ዐረፍተ ነገሩን አስቀድመን በአማርኛ እንበለውና የስሙን ጭራ እንመልከት። ጭራ ካለው «ዘ»፣ ጭራ ከሌለውና አንድ ተብሎ የሚቈጠር ከሆነ «ኤ» ወይም «አን»፣ ጭራ የሌለው ብዙ ወይም የማይቈጠር ከሆነ ምንም አንጽፍም። ቅጽል ካለ ጭራው ከስሙ ወደ ቅጽሉ ስለሚዛወር («አዲሱ ውል»፣ «ያለፈው ወር ዋጋ») ቅጽሉንም ማየት ያስፈልጋል። አጎታችን በአማርኛ ያሰቡት «ውል ላኩልን» ነበር፤ ጭራ የለውም። «ዘ» ያሉት፣ እንደ ነገሩን፣ «ባዶውን ከሚሆን ክብር ይኑረው ብዬ» ነው። ገዢው ግን «የትኛው ውል? እኛ እስከ ዛሬ ከእናንተ ጋር የፈረምነው የለም» ብሎ መለሰ፤ ከእሱ በፊት የነበረ ሹም ያደረገው ስምምነት እንዳለም መዝገብ አስፈትሿል። «ዘ» ክብር አይሰጥም፤ አንባቢውን «ይህን አስቀድመህ ታውቀዋለህ» ይለዋል። የማያውቀው ከሆነ ፍለጋ ይገባል። በተቃራኒው ደግሞ «ዋጋውን ቀንሰናል» ብለው አስበው ሳለ «ዊ ሪዲውስድ ፕራይስ» ብለው ጭራውን ጣሉት፤ በዚህኛው ግን አንባቢው ምንም አልተቸገረም።

የጭራው መለያ ሁልጊዜ አይሠራም፤ የማይሠራባቸውን ቦታዎች ሳንናገር ብናልፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። አንደኛ፣ በአማርኛ አንድ ብቻ የሆኑትን ነገሮች ያለ ጭራ እንጠራቸዋለን፤ «መንግሥት ፈቅዷል»፣ «ባንክ ከፍሏል» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን እነዚህን «ዘ ገቨርንመንት»፣ «ዘ ባንክ» ይላቸዋል። ሁለተኛ፣ ጭራው የባለቤትነት ሲሆን («ደብዳቤያችሁ»፣ «ሒሳባችን») «ዩር» ወይም «አወር» ቦታውን ስለሚይዝ «ዘ» አይጨመርም። ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። ገበያ ላይ «ኪሎውን በ450 ብር» እንላለን፤ ጭራም «ን»ም አለው። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ «450 ብር ኤ ኪሎ» ይላል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ማለቱ ነውና። ነጋዴ በየቀኑ የሚጽፈው ስለሆነ ይህችን አንዷን ሐረግ በቃል መያዝ ይበቃል።

ስለ «ፊው» ሳንናገር አናልፍም። በአማርኛ «ጥቂት ኩንታል አለን» ማለት የያዝነው ብዙ አይደለም፣ ግን አለን ማለት ነው። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ «ኤ ፊው» ይላል። «ኤ»ዋን ስንጥላት ትርጉሙ ይገለበጥና «የለንም ማለት ይቀላል» ይሆናል። በመልእክታቸው መጀመሪያ ላይ አጎታችን ሳያውቁት ለገዢያቸው ማር የለኝም ብለው ነበር። «ሊትል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «ኤ ሊትል ታይም» ማለት ጥቂት ጊዜ አለን ማለት ሲሆን፣ «ሊትል ታይም» ማለት ጊዜ የለንም ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ አጭር መፍትሔ አለ፤ ቍጥሩን ጻፉ። «ሰቨን ኩንታልስ» ያለ ሰው «ኤ»ም «ዘ»ም አያስፈልገውም፤ ገዢውም የሚፈልገው ቍጥሩን ነው።

«አን ዩኒየን» የሚለው ስሕተት ማንንም አያከስርም፤ ነገር ግን እርማቱ ለእኛ ከሌሎች ሕዝቦች ይልቅ ስለሚቀልልን ልናነሣው ወደድን። በትምህርት ቤት «ከአናባቢ ፊደል በፊት አን» ተብለን ስለ ተማርን፣ ዩኒየን በእንግሊዝኛ አጻጻፉ በአናባቢ ፊደል ሲጀምር አይተን «አን» እንላለን። ሕጉ ግን የሚመለከተው ድምፁን ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ እንደሚነበበው አይጻፍም። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን ይጽፋል። ስለዚህ ቃሉን በፊደላችን እንጻፈው። የመጀመሪያው ፊደል ከአ ቤት ከሆነ «አን» ነው፤ ካልሆነ «ኤ» ነው። ዩኒየን፣ ዩኒቨርሲቲና ዩሮ በየ ቤት ስለሚጀምሩ «ኤ»፤ ኢንቮይስ በኢ፣ አወር በአ ስለሚጀምሩ «አን» ይሆናሉ። «ኤን.ጂ.ኦ.» እና «ኤም.ኦ.ዩ.» በኤ ስለሚጀምሩ «አን» ናቸው። መልእክቱን ከላይ በፊደላችን የጻፍንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የቀሩትን ሁለቱን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። «ዲስከስድ አባውት» የተባለው «ስለ ማጓጓዣው ተነጋገርን» ከሚለው የመጣ ነው፤ «ዲስከስ» ያንን «ስለ» በውስጡ ስለያዘ ሌላ አይፈልግም። «ኮንታክት»ም እንዲሁ «ከ… ጋር»ን በሆዱ ይዟል፤ «ኮንታክት ዊዝ አስ» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። «ዌይቲንግ ዩር ሪፕላይ» ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። አማርኛ «ምላሻችሁን» ብሎ በ«ን» ስለሚጨርሰው፣ እንግሊዝኛው የሚፈልገውን «ፎር» ጣልነው። «አስረዱን» በሚለው ምክንያት «ኤክስፕሌን አስ» የምንለውም ከዚሁ ወገን ነው፤ «ኤክስፕሌን ቱ አስ» መሆን አለበት። እነዚህን በአንድ ወረቀት ጽፎ ከጠረጴዛ አጠገብ መለጠፍ ይቻላል። ባይታረሙም እንኳ ማንም ገዢ ተሳስቶ ገንዘብ አይልክም፣ ገንዘብም አይከለክልም።

አጎታችንን ይዘን የተስተካከለውን መልእክት እንዲህ ጻፍነው፦

«ዲር ሰር፣ ዊ ሃቭ ሰቨን ኩንታልስ ኦፍ ሃኒ ኢን ስቶር። ዊ ሃቭ ሪዲውስድ ዘ ፕራይስ ባይ 10 ፐርሰንት፣ ፍሮም 500 ቱ 450 ብር ኤ ኪሎ። ፕሊዝ ሴንድ አስ ኤ ድራፍት ኮንትራክት ኦን ኦር ቢፎር ማርች 20። ዊ ዊል ዴሊቨር ዊዚን ቱ ዊክስ ኦፍ ሳይኒንግ፣ ኤንድ ዊ ዊል ቴል ዩ ዘ ኤግዛክት ደይ ቢፎር ሎዲንግ። ዊ ሃቭ ዲስከስድ ትራንስፖርት ዊዝ ኤ ዩኒየን። ዊ አር ዌይቲንግ ፎር ዩር ሪፕላይ።»

አንባቢ እንደሚያየው ከፊተኛው ብዙም አልረዘመም፤ አዲስ ትልቅ ቃልም አልገባበትም። ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ቀኑን እናስታውቃለን የሚለውን ዐረፍተ ነገር የጨመርነው፣ «ዊዚን» ራሱ ቢሆን የትኛው ቀን እንደ ሆነ ስለማይናገር ነው።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይቃወሙናል ብለን እንጠብቃለን። አንደኞቹ «ቋንቋው የእኛ አይደለም፤ ፈረንጁ እንደሚሆን አድርጎ ይረዳው» የሚሉ ናቸው። ለእነዚህ መልሳችን የዘጠኝ ቀን የመጋዘን ኪራይ ነው፤ ፈረንጁ ተረድቷል፤ የተረዳው ግን የተጻፈውን ነው። ሁለተኞቹ «አንድም ስሕተት ያለበት ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት መውጣት የለበትም» የሚሉ ናቸው። ይህ አሳብ የሚያምር ቢመስልም፣ ጸሐፊውን አፍኖ ይይዘዋል። አጎታችን ኪራዩን ከከፈሉ በኋላ ለአንድ ወር ያህል እንግሊዝኛ መጻፍ ፈርተው፣ መልእክታቸውን ሁሉ ሌላ ሰው እያስጻፉ ነበር። ያም ሰው «አንቲል»ን ከ«ባይ» አይለይም ነበር፤ «ዘ» ግን በየመስመሩ ይጨምር ነበር።

እኛ የምንለው መካከለኛውን ነው። ማናቸውም የንግድ መልእክት ከመላኩ በፊት ሁለት ጊዜ ይነበብ። በመጀመሪያው ንባብ ቍጥርና ቀን ያለባቸው ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ይታዩ፤ ከቍጥሩና ከቀኑ ፊት የቆመው ትንሽ ቃል «ባይ»፣ «ቱ»፣ «አንቲል»፣ «ኢን» ወይስ «ዊዚን» ነው ተብሎ ይጠየቅ። በሁለተኛው ንባብ «ዘ» ያለበት ሁሉ በአማርኛ ጭራው ይፈተን። የቀረውን፣ ማለት «አባውት»ንና «ፎር»ን፣ ጊዜ ካለ ማረም ነው፤ ጊዜ ከሌለ መልእክቱ ይሂድ።

ከአጅባር ስንመለስ አጎታችን እስከ መኪናው ድረስ ሸኙን። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «እንግዲህ ልጄ፣ ለመስቀል መምጣትህ በመስቀል ነው ወይስ እስከ መስቀል?» አሉን። ሹፌሩ ምን እንደሚያስቀን አልገባውም።